ሃያ አንድ ጠብታ በደቂቃ

ልጄን ወባ የጣላት ማሽላው ፍሬ በያዘ ሰሞን ነው። በእኛ ቆላ በዚያ ወቅት ሰው ሁሉ ወፍ ሲጠብቅ ማሳ ውሎ ማሳ ያመሻል፤ ትንኟም የት እንደምታገኘን ታውቃለች። ሰባት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ትኩሳት ያዛት፣ በማግስቱ አስመለሳት፣ ከዚያ ወዲያ ስሟን ስጠራ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትከድነው ጀመር። አባቷ ተሸክሟት ዋጃ ድረስ ወረደ፤ ከዚያ በባጃጅ ቆቦ ገባን። ሐኪም ቤት ስንደርስ ደሟን አዩና ወባው እንደጠናባት ነገሩን። መርፌውን ወዲያው ወጓት። አባቷ ከብቶቹን የሚያይ ሰው ስላልነበረ ተመለሰ፣ እኔ አደርኩ።

ጧት ልጅቱ ትንሽ ነቃች። "እማ" አለችኝ። እኔም አለቀስኩ። ውሃ በማንኪያ ስሰጣት ግን መለሰችው። ያን ጊዜ ነው የጧቱ ተረኛ ነርስ አዲስ ግሉኮስ ይዞ የመጣው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ ሲናገር ለስለስ ይላል፣ ሲሄድ ግን ይሮጣል፤ ያን ክፍል በሙሉ እሱ ብቻውን ነበር የያዘው።

ግሉኮሱን ሰቀለና ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር በአውራ ጣቱ እያሽከረከረ ጠብታውን ያይ ጀመር። ጠብ ይላል፣ ይቆማል። ጠብ ይላል፣ ይቆማል። ከጎናችን አልጋ ላይ ሆዱን አሞት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ያደረ ጎልማሳ ተኝቷል። የሱ ግሉኮስ እንደ ክር ተያይዞ ነው የሚወርደው። አንዴ የሱን አንዴ የልጄን አየሁ።

"ዶክተር፣ ይኼ እኮ አይወርድም" አልኩ።

"ይወርዳል፣ እናቴ። ዶክተር ደግሞ አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ።"

"የሰውየው እንዲያ እየፈሰሰ የልጄ ለምን ይንጠባጠባል? እኛ ዘመድ ስለሌለን ነው?"

የታማሚው እህት አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። በአላማጣና በቆቦ መሀል ሽንኩርት የምትነግድ ክርስቲያን ሴት ናት። ሳቀችብኝ። "ኧረ እህቴ! ወንድሜ ሌሊቱን የጨረሰውን ውሃ ብታዪ እንዲህ አትዪም ነበር። እንኳን ግሉኮስ፣ ጎሊና ወንዝን ቢሰቅሉለት ይጠጣዋል።"

ነርሱ አልሳቀም። "እውነቷን ነው። የሱ ከሰውነቱ ብዙ ውሃ ስለወጣ ቶሎ እንተካለታለን። የልጅሽ ግን የጠና ወባ ነው። ወባ የጠናበት ሰው ላይ ውሃ ከፈጠነ ሳንባው ይገባል፣ ትንፋሽ ያሳጣል። ከዘገየም ትደርቃለች። ልክ አለው።"

"ልኩን በምን አወቅከው?"

እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። ፊደሉን አልረሳሁትም፣ ማካፈል ላይ ግን ያኔም አልደረስኩም። እሱ ግን እንደማይገባኝ አድርጎ አላለፈኝም። ከረጢቷን ነካ አደረገ።

"ይቺ አምስት መቶ ሚሊ ናት፣ ግማሽ ሊትር በይው። ይቺ ቱቦ ደግሞ ሃያ ጠብታዋ አንድ ሚሊ ይሞላል፤ ማሸጊያዋ ላይ ተጽፏል። ጠብታው አነስ ወይ ተለቅ የሚል ሌላ ዓይነት ቱቦ አለ፣ ያን ጊዜ ሒሳቡ ይለወጣል። የያዝነው ግን የሃያውን ነው። አምስት መቶ ጊዜ ሃያ ስንት ነው?"

ነጋዴዋ ቀድማ "አስር ሺህ!" አለች።

"አስር ሺህ ጠብታ። ያን ሁሉ በስምንት ሰዓት ውስጥ ልንሰጣት ነው። ስምንት ሰዓት አራት መቶ ሰማንያ ደቂቃ ነው። አስር ሺውን ለአራት መቶ ሰማንያ ስታካፍይው ሃያ ነጥብ ስምንት ይሆናል። ጠብታ ደግሞ አይሰነጠቅም፤ ሃያ አንድ እንለዋለን። በደቂቃ ሃያ አንድ።"

"አስር ሺህ ጠብታ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው አለ?"

"የለም። የአንዷን ደቂቃ ካስተካከልናት ሌላው በዚያው ይሄዳል።" ሰዓቱን እያየ ቆጠረ፤ ትንሽ አጠበቀ፤ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ በከረጢቷ ቁመት ነጭ ፕላስተር ለጠፈና በእስክሪብቶ ስምንት መስመር አሰመረበት። "አሁን ሦስት ሰዓት ነው። ውሃው አራት ሰዓት ላይ ይቺን ይደርሳል፣ አምስት ላይ ይቺን። አስራ አንድ ላይ ያልቃል። ጠብታው የተለወጠ ከመሰለሽ ጥሪኝ" ብሎ ሄደ።

ሲሄድ ፍርሃቴ ተመለሰ። በሌላው ነገር እርሻም ይሁን ቤት የማደርገው አላጣም፤ እዚያ ግን እጄ ባዶ ነበር። ልጄ ያላት ነገር ያቺ ጠብታ ብቻ መሰለችኝ። በደቂቃ ሃያ አንድ ብሎኛል፣ ደቂቃውን ግን በምን ልያዘው? የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ደቂቃዋ የምትለወጥበትን እንጂ መሀሏን አያሳይም። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል። አንገቴ ላይ ያለውን ሙስበሃ፣ የዚክር መቁጠሪያዬን፣ አወጣሁ። "ሱብሃነላሂ ወቢሃምዲሂ" አልኩ፣ ጠብ አለ። ደግሜ አልኩ፣ ደግሞ ጠብ አለ። አንድ ዚክር፣ አንድ ጠብታ። ልክ ለልክ ገጠመ። አልሀምዱሊላህ፣ ሰዓት አገኘሁ አልኩ። ጠብታው ከዚክሬ ጋር ከሄደ ሰላም ነው፣ ከዘገየ ታውኳል፤ እንዲያ ብዬ ያዝኩት።

አራት ሰዓት ላይ ውሃው መስመሩን ነካ። ደስ አለኝ። ነጋዴዋ እንኳ "አንቺ ሴትዮ፣ ነርስ ሆነሻል" አለችኝ። ከዚያ ለወንድሟ ሾርባ ልታመጣ ወጣች።

እሷ እንደወጣች ልጄ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ብርድ ያዛት፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ነጠላዬን ደረብኩላት፣ ጋቢውን ደረብኩላት። ወዲያው ደግሞ እንደ ምጣድ ጋለች። ስጠራት አልመለሰችም። "እናቴ፣ እማዬ፣ ተናገሪ" እላለሁ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዚክሬን ቀጠልኩ። ጠብታዋን አየሁ፤ ቀርታለች። እኔ ሁለቴ ስል እሷ አንዴ። ያረቢ፣ ታፈነ ማለት ነው! ወደ በሩ ሮጥኩ። ነርሱ ከሮቢት በቃሬዛ የመጣች ወላድ ላይ ነበር፤ እጁ በደም ተነክሯል። "መጣሁ፣ እናቴ፣ መጣሁ" አለኝ።

ተመለስኩ። እሱ እስኪመጣ ልጄ ልትደርቅብኝ ነው ብዬ መዘውሯን ገፋ አደረግኳት። ጠብታው ፈጠነ። ዚክሬን ደረሰበት፣ እንደገና ገጠመ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቀረ። ደግሞ ገፋሁ።

ነርሱ እጁን ታጥቦ ሲገባ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። መጀመሪያ ልጄን አይደለም ያየው፣ ፕላስተሩን ነው። ውሃው ከአምስት ሰዓቱ መስመር ብዙ ወርዷል።

"ማነው የነካው?"

"እኔ ነኝ። ዘግይቶብኝ ነው።"

አልጮኸም። ሰዓቱን ይዞ ቆጠረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። "ስልሳ ሁለት" አለ። መዘውሯን ዘጋት፣ ጠብታው ቆመ። እኔም ትንፋሼ አብሮ ቆመ። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረገ፣ ጀርባዋን አገላብጦ አዳመጠ፣ ትንፋሿን ቆጠረ። ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ለካ። ይኼ ሁሉ ሲሆን የሚናገረኝ የለም። አንድ ቃል ቢወረውርልኝ ምን ነበረበት እላለሁ በሆዴ፣ መጠየቅ ግን ፈራሁ።

በመጨረሻ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። "ሳንባዋ ንጹሕ ነው። ስኳሯም ደህና ነው። ያንቀጠቀጣት የወባው ትኩሳት ነው፤ ማስታገሻ እሰጣታለሁ፣ አንቺም በእርጥብ ጨርቅ አብሺያት። ውሃው ግን በዝቶ ሄዶባት ነበር።" ከዚያ ዘወር ብሎ አየኝ። "ለመሆኑ በምን ለካሽው?"

ሙስበሃውን አሳየሁት።

"እስቲ አሁን በዪው፤ እንዳልሽው አድርገሽ።" ሰዓቱን ያዘ። እኔም ጀመርኩ። "በቃ" ሲለኝ ቆጥሮ የያዘውን ነገረኝ፤ ከሃምሳ አልፏል። "ጧት ሲረጋጋ ልብሽ፣ ሃያ አንድ ነበርሽ። ስትደነግጪ ከእጥፍ አለፍሽ። ጠብታው አልዘገየም፣ እናቴ። አንቺ ነሽ የፈጠንሽ።"

ነጋዴዋ ሾርባውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሯል። "አላህንም ታቻኩይዋለሽ እንዴ!" አለች። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ ነርሱ ግን ያን ጊዜ ገና ፈገግ አለ፣ እኔም ሳላስበው ሳቄ መጣ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላውቅም፣ ዓይኔ ግን ረጥቧል።

"አሁንስ? ሃያ አንዱ ላይ ትመልሰዋለህ?" አልኩ።

"አይሆንም። ሃያ አንድ ብናደርገው ከሰዓቱ በፊት ያልቃል። የቀረውን ለቀረው ጊዜ ነው የምናካፍለው።" ከረጢቷን ዓይኑ ትይዩ አድርጎ አየ። "በሁለት ሰዓት ውስጥ መቶ ሃያ አምስት መሄድ ሲገባው ሁለት መቶ ሄዷል። ሦስት መቶ ቀርቷል። ሦስት መቶ ጊዜ ሃያ?"

"ስድስት ሺህ" አለች ነጋዴዋ። በሒሳብ ማንንም አታስቀድምም።

"ስድስት ሺህ ጠብታ። እስከ አስራ አንድ ስድስት ሰዓት አለን፣ ሦስት መቶ ስልሳ ደቂቃ። ሲካፈል አስራ ስድስት ነጥብ ስድስት ምናምን። አስራ ሰባት።" መዘውሯን ቀስ ብሎ ከፈተ፤ ቆጠረ፣ አላላ፣ ቆጠረ። የድሮውን ፕላስተር ልጦ ከቀረው ውሃ ጀምሮ አዲስ መስመር አሰመረ።

ከዚያ ቁጭ አለ፤ ያን ልጅ ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "እኔ ወላዷ ጋ እመለሳለሁ። የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ካንቺ የበለጠ የሚያይልኝም የለም። ሙስበሃሽን ያዢው። አሁን ግን ጠብታው ዚክርሽን አይከተል፤ ጠብ ባለ ቁጥር አንዷን ፍሬ አሳልፊ። ዝም ብለሽ። ደቂቃውን ደግሞ እሷ በስልኳ ትይዝልሽ። አስራ ሰባት ፍሬ ካለፈ ደህና ነው። አንድ ብታጎድል ወይ ብትጨምር አትደንግጪ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደኔ እንጂ ወደ መዘውሯ አትሂጂ።"

"መዘውሯንማ በአላህ ስም አልነካም!" አልኩ።

ነጋዴዋ ስልኳን አወጣች። ሰፊ ስልክ ነው፣ ሰከንዱ ሲሮጥ ይታያል። "ጀምሪ!" ትለኛለች። እኔ ጠብታዋን ብቻ እያየሁ ፍሬውን አሳልፋለሁ። ዚክር ያለማለት እንዴት ይከብዳል! አፌ ልክ እንደ ለመደው ሊሄድ ይላል፣ እመልሰዋለሁ። "በቃ!" ትላለች። እቆጥራለሁ። አስራ ሰባት። ጨርቄን ነክሬ ልጄን አብሳለሁ። ቆይተን ደግሞ "ጀምሪ!" አስራ ሰባት። አንዴ አስራ ስድስት ወጣና ልቤ ዘለለ። "ኣይዞኺ፣ አንድ ይፈቀዳል ብሏል" አለችኝ። በየመሀሉ ወንድሟ "እኔንስ የሚቆጥርልኝ የለም?" ይላል፤ "አንተ በርሜል ነህ፣ በርሜል አይቆጠርም" ትለዋለች።

የልጄ አባት ደወለ። "ግሉኮሱ አለቀ?"

"አላለቀም። አስራ ሰባት ነው።"

"አስራ ሰባት ምኑ?"

"ጠብታው ነዋ፣ በደቂቃ።"

"ምነው አነሰ፣ አፍጥኑላት በያቸው እንጂ! የሰው ልጅ በጠብታ ይድናል?"

ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቢሆን እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነበር። "አብሽር፣ ልኩ ነው። ሳንባዋ እንዳይሞላ ነው" አልኩት። "ማን ነገረሽ?" አለኝ። "ሒሳቡ" ብዬ ዘጋሁት፤ የስልኬ ባትሪም ሊያልቅ ነበር።

ፀሐይዋ ከአልጋው ግርጌ ወደ ግድግዳው ስትወጣ የልጄ ትኩሳት በላብ ወረደ። ልብሷ በሰበሰ፤ ቀየርኩላት። ገልበጥ አለችና እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ተኛች፤ ጤነኛ ሆና እንደምትተኛው። ደስ ብሎኝ ሳያት ቆየሁ። "ኧረ ደቂቃችን" አለች ነጋዴዋ። "ጀምሪ!" ቆጠርን፤ ዘጠኝ። ደግመን ቆጠርን፤ ስምንት።

እጄ ወደ መዘውሯ ሊሄድ ነበር፤ በሌላው እጄ ያዝኩት። እውነቴን ነው፣ ያዝኩት። "አንቺ እዪልኝ" ብያት ወጣሁና ነርሱን "ዘጠኝ ሆነ፣ ከዚያ ስምንት ሆነ፣ ሁለቴ ቆጥረናል" አልኩት። የጧቱን አስቦ ቅር የሚለው መስሎኝ ነበር። ቁጥሩን ሲሰማ ግን ወዲያው ተከተለኝ። ገና ሲገባ አወቀው። መርፌው ያለበት እጇ ታጥፏል። ቀስ ብሎ ዘረጋላት፣ መርፌው የገባበትን ዳበሰ፤ አላበጠም። ከመድኃኒት ካርቶን ቆርጦ ከእጇ ሥር አስደገፈና በፋሻ አሰረው። ጠብታው ወዲያው ነቃ። "ቁጠሩ እስቲ" አለን፣ እሱ ቆሞ።

"ጀምሪ!" አለች ነጋዴዋ።

እሱም በሰዓቱ፣ እኔም በፍሬው። ከበፊቱ የበለጠ ፈራሁ፤ ፈተና የገባሁ መሰለኝ። "በቃ!" ስትል ሁለታችንም አፋችንን አብረን ከፈትን፤ እሱም አስራ ሰባት፣ እኔም አስራ ሰባት። "ይኼው" አለና ወደ ወላዷ ሮጠ። ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ እግረ መንገዱን ነገረን።

አስር ሰዓት አለፍ ሲል ልጄ ነቃች። ዓይኗ ጥርት ብሎ። "እማ፣ ሽንቴ መጣ" አለችኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ብሥራት ሰምቼ አላውቅም። ነርሱ መጥቶ ቀለሙን ጠየቀኝ፤ ቢጫ ነው አልኩት፣ ብዙ ነው አልኩት። "ጥሩ። ኩላሊቷም እየሠራ ነው፣ አልደረቀችም ማለት ነው" አለ። ደግሞ ደረቷን አዳመጠ። የሚጠጣ ነገር በጥቂት በጥቂቱ እንድሞክራት ነገረኝ። ሞከርኳት፤ አልመለሰችውም።

አስራ አንድ ሰዓት ሲጠጋ ከረጢቷ ባዶ ሆነች፤ የመጨረሻው ውሃ ወደ ቱቦው ወረደ። ነርሱ ጠብታዋ ሳትቆም መጥቶ መዘውሯን ዘጋት። እኔ ሌላ ከረጢት የሚሰቅል መስሎኝ ቀና ብዬ ጠበቅሁ። አልሰቀለም።

"ሌላውስ?" አልኩ።

"መጠጣት ከቻለች ምን ያደርግላታል? የወባው መርፌ ይቀጥላል፣ ነገ ወደ ክኒን እናዞራታለን። ውሃውን ግን በአፏ ትውሰድ። መርፌ መግቢያውን ለማንኛውም እዚያው እተወዋለሁ።" ቱቦውን ነቀለና ባዶዋን ከረጢት አወረደ።

ያቺ ግሉኮሱ የተሰቀለባት ብረት ባዶዋን ስትቀር ፈራሁ፤ አልዋሽም። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን የጣልኩባት ጠብታ የለችም። አሁን ምኑን እያየሁ ልጠብቅ?

ልጄ የውሃውን ኩባያ ከእጄ ወሰደችና በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ይላል።

"ቀስ! ቀስ በይ!" ብዬ ጮህኩ። "ዶክተር፣ ኧረ ይኼ በደቂቃ ስንት ይሆናል?"

"ነርስ ነኝ" አለ፤ ከረጢቷንና ቱቦውን እየጠቀለለ ይስቃል። "ትንሽ ትንሽ በይያት እንጂ፣ ይኼንን ማንም አይቆጥረውም።"

ልጄ ኩባያውን ከአፏ አንስታ ሁለታችንንም አየችን። አፏን እጇ ላይ በታሰረው ካርቶን ጠራረገችና "ጨምሪልኝ" አለች።